ከአገጭ ሥር ያለው ድንበር

እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው «ጁራሲክ ፓርክ» ፊልም መገባደጃ ላይ ሌክስ የተባለችው ልጅ ከጣሪያ ቀዳዳ ላይ ትንጠለጠላለች፤ ከሥሯ ያለው ዳይኖሰር ዘሎ እግሯን ሊነክስ ይሞክራል። በዚያ ትዕይንት ላይ የተንጠለጠለችው ግን ሌክስን ሆና የምትተውነው አሪያና ሪቻርድስ አይደለችም። አደገኛውን እንቅስቃሴ በእሷ ምትክ የሠራች ሌላ ሴት ናት። ተተኪዋ በቀረጻው መካከል ቀና ብላ ወደ ካሜራው ተመለከተች፤ ፊቷም በግልጽ ታየ። ትዕይንቱን መጣል ወይም ደግሞ መቅረጽ አላስፈለገም። «ኢንዱስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ» የተባለው የምስል ቅንብር ኩባንያ የተዋናይቷን ፊት በተተኪዋ ፊት ላይ በኮምፒዩተር አኖረው። ተመልካቹም ምንም ሳይጠረጥር ፊልሙን አይቶ ወጣ።

ፊትን በፊት መተካት ከዚያ ወዲህ በፊልም ሥራ የተለመደ ነገር ሆኗል። ተዋናዩ የማይችለውን ዝላይ ተተኪ ይዘልለታል፤ መንታ ወንድማማቾችን አንድ ሰው ይጫወታቸዋል፤ ቀረጻው ሳያልቅ ያረፈ ተዋናይ የቀረውን ክፍል በሌላ ሰው አካል ላይ ይጨርሳል። በእነዚህ ሁሉ ሥራዎች ውስጥ ግን አንድ ቦታ ባለሙያውን ሁልጊዜ ያስቸግረዋል፤ እሱም አዲሱ ፊት አልቆ አሮጌው አካል የሚጀምርበት የአገጭና የመንጋጋ መስመር ነው። ዓይን፣ አፍንጫና አፍ በሚገባ ተቀምጠው እንኳ ከጆሮ ሥር እስከ አገጭ ቀጭን መስመር ከታየች ሰውየው ጭምብል ያጠለቀ ይመስላል።

ይህን መስመር ለማጥፋት የሚሠራው ሥራ በባለሙያዎች ዘንድ «ፌዘር ማድረግ» ይባላል፤ የማስኩን ጠርዝ ቀስ በቀስ እያሳሱ ማለስለስ ማለት ነው። ፎቶሾፕ የነካ ሰው ሁሉ ቃሉን ያውቀዋል። ብዙ ጀማሪ መስመር ባየ ቁጥር ፌዘሩን ይጨምራል፤ መስመሩ ግን እምቢ ይላል፣ አንዳንዴም ይብስበታል። ምክንያቱም በአገጭ ላይ የሚታየው ስፌት አብዛኛውን ጊዜ የጠርዝ ችግር አይደለም። ከጠርዙ በፊት መስተካከል የነበረበት የቀለም፣ የቅርጽ ወይም የአቀማመጥ ችግር ነው። ፌዘር የሚሠራው የመጨረሻዋን ትንሽ ልዩነት ብቻ ነው።

ማስክ ማለት ምን ማለት ነው?

ማስክ ራሱን የቻለ ጥቁርና ነጭ ምስል ነው። ነጭ በሆነበት ቦታ አዲሱ ፊት ይታያል፤ ጥቁር በሆነበት ቦታ ከሥር ያለው የተተኪው ምስል ይታያል። ግራጫ በሆነበት ቦታ ሁለቱ ይቀላቀላሉ። ኮምፒዩተሩ ይህን መጠን ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር ይይዘዋል፤ ስሙም «አልፋ» ነው። የእያንዳንዱ ነጥብ፣ ማለትም የእያንዳንዱ ፒክስል፣ የመጨረሻ ቀለም የሚገኘው በዚህ አጭር ስሌት ነው፦

```
C = α·F + (1 − α)·B
```

F የአዲሱ ፊት ቀለም ነው፤ B ከሥር ያለው ምስል ቀለም ነው፤ C ደግሞ ተመልካቹ የሚያየው ውጤት። ይህ አሠራር መልክ ይዞ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1984 ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ ባሳተሙት ጥናት ሲሆን፣ ሁለቱም ያኔ በሉካስፊልም ይሠሩ ነበር። ዛሬም በየስልካችን ያሉት የፎቶ ማቀናበሪያዎች የሚሠሩት በዚሁ ስሌት ነው።

አሁን የአዲሱ ፊት ቆዳ ብሩህነት 180፣ ከሥሩ ያለው አንገት ደግሞ 140 ነው እንበል (0 ጥቁር፣ 255 ነጭ በሆነበት መለኪያ)። የማስኩ ጠርዝ ስለታም ከሆነ አንዱ ፒክስል 180፣ ቀጣዩ 140 ይሆናል። በአንድ ጊዜ 40 መውረድ ለዓይን እንደ ስንጥቅ ነው። ፌዘሩን በ20 ፒክስል ስናሰፋው ያው 40 በ20 ደረጃ ይከፋፈልና እያንዳንዱ እርምጃ 2 ብቻ ይሆናል። ዓይን ለዝግታ ለውጥ ደንታ የለውም፤ ስንጥቁም ይጠፋል።

የማለስለሻው ቅርጽ ግን ወሳኝ ነው። ብሩህነቱ በቀጥታ መስመር፣ በእኩል እርምጃ ብቻ የሚወርድ ከሆነ መውረዱ በሚጀምርበትና በሚያበቃበት ቦታ ዓይናችን በምስሉ ላይ የሌሉ ቀጫጭን ሰንበሮች ያያል፤ በአንዱ ጫፍ ደማቅ፣ በሌላው ጥቁር። ይህን እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ያስተዋለው ኧርንስት ማህ የተባለው የኦስትሪያ ሊቅ ስለሆነ ሰንበሮቹ «የማህ ባንዶች» ይባላሉ። ስለዚህ የሚፈለገው ቀስ ብሎ ጀምሮ፣ መሐል ላይ ፈጥኖ፣ መጨረሻ ላይ እንደገና የሚዘገይ ቁልቁለት ነው። «ጋውሲያን ብለር» የሚባለው የማደብዘዣ ዓይነት ስለታም ጠርዝ ላይ ሲውል ይህንኑ ቅርጽ በራሱ ይሰጣል። ባለሙያዎች ከሌሎቹ የማደብዘዣ ዓይነቶች ይልቅ ወደ እሱ የሚያዘነብሉት ለዚህ ነው።

አገጭ ለምን ያስቸግራል?

ጉንጭ ሰፊና ለጥ ያለ ቆዳ ነው። በጉንጭ መሐል ሁለት ምስሎች ሲቀላቀሉ በሁለቱም በኩል ቆዳ አለ፤ ቀለሙ ከተመሳሰለ ሰፊ ፌዘር ይበቃል። ግንባር ላይ ጸጉር የሚጀምርበት መስመር ብዙ ነገር ይሸፍናል። መንጋጋ ግን የፊት ዳርቻ ነው። ከመስመሩ በላይ ብርሃን የሚያርፍበት ቆዳ አለ፤ ከመስመሩ በታች ወደ ኋላ ሸሽቶ በጥላ ውስጥ ያለ አንገት አለ። በጥቂት ፒክስል ውስጥ ገጹ፣ ርቀቱና ብርሃኑ አንድ ላይ ይቀየራሉ። በተፈጥሮው ስለታም የሆነውን ይህን ዳርቻ በሰፊ ፌዘር ብናለሰልሰው ስፌቱን ብቻ ሳይሆን መንጋጋውንም እናጠፋዋለን፤ አገጩ ወደ አንገቱ የቀለጠ ይመስላል።

ሌላው ችግር ለመቀላቀል ሁለት ቆዳ ማስፈለጉ ነው። ፌዘር አዲስ ነገር አይፈጥርም፤ ያለውን ብቻ ይቀላቅላል። በመንጋጋው ዳርቻ ላይ ግን የአዲሱ ፊት ምስል ቆዳው አልቆ የራሱ ዳራ ይጀምራል፤ ግድግዳ ወይም የሸሚዝ ኮሌታ ሊሆን ይችላል። ፌዘሩ ያንን ዳራ ከተተኪው ቆዳ ጋር ሲቀላቅለው በአገጭ ዙሪያ ግራጫ ወይም ጥቁር ጠርዝ ይወጣል፤ ተላጭቶ የበቀለ ጢም የሚመስል ጥላ ነው።

ከሁሉም የባሰው የሁለቱ ሰዎች አገጭ እኩል አለመሆኑ ነው። የተተኪው አገጭ ከተዋናዩ ረዘም ካለ የአዲሱ አገጭ ጫፍ በአሮጌው አገጭ መሐል ይቆማል፤ ከሥሩም ሁለተኛ አገጭ ብቅ ይላል። ይህን የትኛውም ፌዘር አያድነውም። ሰፊ ፌዘር ሁለቱን አገጭ አንድ ላይ አደብዝዞ ያሳያል እንጂ አንዱን አያስቀርም።

ከዚህ ሁሉ በላይ አገጭ ይንቀሳቀሳል። ሰው ሲናገር ግንባሩ ባለበት ይቆያል፤ የታችኛው መንጋጋ ግን በእያንዳንዱ ቃል ይወርዳል፣ ይወጣል። በቆመ ፎቶ ላይ ፍጹም የነበረው ማስክ በቪዲዮ ላይ አንድ ቃል እስኪነገር ብቻ ነው ፍጹም የሚሆነው።

አንድ ትዕይንት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

አንድ ትዕይንት ይዘን እንየው። አንዲት ተዋናይ ሞተር ብስክሌት ትነዳለች ተብሎ ተጽፏል፤ ሞተሩን የነዳችው ግን ተተኪዋ ናት። የምስሉ ስፋት 1920 ፒክስል ነው፤ የተተኪዋ ፊት በምስሉ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ 400 ፒክስል ያህል ይይዛል። የተዋናይቷ ፊት በተመሳሳይ የካሜራ አቅጣጫና በተመሳሳይ ብርሃን ለብቻው ተቀርጿል፤ በኮምፒዩተርም የተተኪዋን ጭንቅላት እንቅስቃሴ እንዲከተል ተደርጓል። የቀረው ማዋሃዱ ነው። ይህን የሚሠራው ባለሙያ ኮምፖዚተር ይባላል።

ኮምፖዚተሩ መጀመሪያ ማስኩን አይነካም። ቀለሙን ያያል። በሠርግ ቀን ፊቷ በፋውንዴሽን ፈክቶ አንገቷ በራሱ ቀለም የቀረን ሙሽራ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ሜካፑ ጠርዙ ላይ የቱንም ያህል ቢታሽ ፊትና አንገት የሁለት ሰው መምሰላቸው አይቀርም። ስለዚህ ባለሙያው ከመንጋጋው በላይና በታች ያሉ ሁለት ተቀራራቢ ቦታዎችን መርጦ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠናቸውን ያነባል። የፊቱን ጥቁር ክፍሎች ከተተኪዋ ጥቁር ክፍሎች፣ ብሩህ ክፍሎቹን ከብሩህ ክፍሎቿ ጋር ለየብቻ ያስተካክላል። አጠቃላይ ብሩህነትን ብቻ ማስተካከል አይበቃም፤ በጥላ ውስጥ ያለው ቆዳ ወደ ቀይ ሲያዘነብል ሰማይ የሚያበራው ቆዳ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላልና። የ40 ልዩነት የነበረው በዚህ ሥራ ወደ 4 ወይም 5 ከወረደ ፌዘሩ የሚሸከመው ሸክም ቀልሏል።

ቀጥሎ ቅርጹ ይመጣል፤ እዚህ ላይ አንድ ምርጫ አለ። አንደኛው መንገድ ስፌቱን ከመንጋጋው መስመር ወደ ውስጥ አስገብቶ የተተኪዋን አገጭ እንዳለ መተው ነው። ሥራው ይቀላል፤ ጥላውም፣ አንገቱም፣ የአገጩ ዳርቻም እውነተኛና ያልተነካ ሆኖ ይቀራል። ጉዳቱ መልክ ማጣት ነው። ሰውን ከምንለይባቸው ነገሮች አንዱ የመንጋጋው ቅርጽ ነውና ዓይንና አፍ የተዋናይቷ ሆነው አገጩ የሌላ ሰው ከሆነ ተመልካቹ «የሆነ ነገር ልክ አይደለም» ይላል። ሁለተኛው መንገድ የተዋናይቷን አገጭ ሙሉ በሙሉ ወስዶ ስፌቱን ከአገጩ በታች፣ አንገት ላይ በወደቀው ጥላ ውስጥ መደበቅ ነው። መልኩ ይድናል፤ ነገር ግን የተተኪዋ አገጭ የሚተርፍ ከሆነ መጀመሪያ መጥፋት አለበት። ለዚህም የተተኪዋን መንጋጋ በኮምፒዩተር ጥቂት ወደ ውስጥ ይገፉታል፤ ወይም ከአገጩ ሥር ሊታይ የሚገባውን አንገት ይስሉና ባዶ ሥፍራውን ይሞሉታል።

በእኛ ትዕይንት የሁለቱ ሴቶች አገጭ ተቀራራቢ ነው እንበልና የመጀመሪያውን መንገድ እንከተል። ባለሙያው ማስኩን በመንጋጋው መስመር ላይ ይሥላል። ከዚያ ሁለት ነገር በቅደም ተከተል ያደርጋል፤ ማስኩን ያጠብባል፣ ቀጥሎ ያደበዝዛል። ቅደም ተከተሉ ትርፍ ነገር አይደለም። ማደብዘዝ ጠርዙን ወደ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ወደ ውጭም እኩል ይዘረጋዋል። በአፍተር ኢፌክትስ ላይ 20 ፒክስል ፌዘር ብለን ብንጽፍ 10ሩ ወደ ውስጥ፣ 10ሩ ወደ ውጭ ይሄዳል። ወደ ውጭ የሄደው 10 ከአዲሱ ፊት ቆዳ አልፎ ዳራውን ይዞ ይመጣል፤ ቀደም ብለን ያየነው ግራጫ ጠርዝ የሚወለደው እዚህ ነው። ስለዚህ ማስኩ አስቀድሞ በ10 ፒክስል ወደ ውስጥ ይጠብባል። ከዚያ ሲደበዝዝ የቁልቁለቱ የውጭ ጫፍ ልክ የመንጋጋው መስመር ላይ ያርፋል፤ ቅልቅሉ ሁሉ ቆዳ ከቆዳ ጋር ይሆናል።

20 ፒክስል ከፊቱ ስፋት 5 በመቶ ነው። ባለሙያው በልቡ የሚይዘው ቁጥሩን ሳይሆን ይህን ድርሻ ነው፤ ፊቱ በምስሉ ላይ 100 ፒክስል ብቻ ቢሆን ያው 20 ፒክስል አገጩን በሙሉ ይበላዋል። በተጨማሪም አንድ መጠን ለፊቱ ዙሪያ ሁሉ አይስማማም። በጉንጭና በጆሮ አካባቢ 40 ፒክስል ድረስ ሊሰፋ ይችላል፤ በአገጩ ጫፍ፣ ከሥሩ ያለው ጥላ ስለታም በሆነበት ቦታ ግን ወደ 8 መጥበብ አለበት። ለዚህ ነው በኑክም ሆነ በአፍተር ኢፌክትስ ማስኩን በሚያበጁት ነጥቦች አካባቢ ፌዘሩን እየለያዩ ማስተካከል የሚቻለው። ሁሉን በአንድ ቁጥር ያለሰለሰ ሥራ ከሩቅ ይታወቃል፤ አንድም ጉንጩ ላይ መስመር አለ፣ አንድም አገጩ ቀልጧል።

ከተለሰለሰ በኋላ የሚወጣው ጉድ

እዚህ ደርሶ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ቪዲዮው ሲጫወት ግን ሌላ ነገር ሊታይ ይችላል፤ በመንጋጋው ዙሪያ ከፊቱም ከአንገቱም ይልቅ ልሙጥ የሆነ ቀበቶ። ምንጩ የካሜራ ቅንጣት ነው። ማንኛውም ካሜራ የሚቀርጸው ምስል ላይ በየፍሬሙ የሚንቀጠቀጡ ጥቃቅን ነጥቦች አሉ፤ ባለሙያዎች «ግሬይን» ይሉታል። ሁለት የማይዛመዱ ግሬይኖች እኩል በእኩል፣ ማለትም አልፋ 0.5 በሆነበት ቦታ ሲቀላቀሉ እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ፤ የሚቀረው ጥንካሬ ከመጀመሪያው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ልክ ፌዘሩ ባለበት ቦታ ምስሉ ከዙሪያው ይልቅ ይለሰልሳል። ቀለሙ ሙሉ በሙሉ የተስተካከለ ቢሆን እንኳ ዓይን ይህን ጸጥ ያለ ቀበቶ ያያል፣ ምን እንዳየ ባያውቅም። ፌዘሩን ማስፋት ደግሞ ቀበቶውን ማስፋት ነው።

መፍትሔው ግሬይኑን ከመቀላቀሉ በፊት ከሁለቱም ምስሎች አንስቶ፣ ሁለቱ ከተዋሃዱ በኋላ አንድ ዓይነት ግሬይን በሁሉም ላይ መልሶ መርጨት ነው። የተተኪዋ ምስል የራሱን ግሬይን ይዞ እንዲቆይ ከተፈለገ ማስኩ የነካው ክፍል ብቻ ይታከማል።

ሌላው የእንቅስቃሴ ነገር ነው። ሞተሩ ጉድጓድ ሲመታ የተተኪዋ ጭንቅላት ይነቀነቃል፤ የመንጋጋዋ ዳርቻም በዚያች ፍሬም ላይ ወደ እንቅስቃሴው አቅጣጫ ይደበዝዛል። ማስኩ ግን ጽኑ ሆኖ ከቆየ በደበዘዘ ጭንቅላት ላይ ጥርት ያለ ፊት ይታያል። ስለዚህ ለማስኩም ለፊቱም ያንኑ የእንቅስቃሴ ድብዘት ይሰጧቸዋል። ከዚህ በተቃራኒ ማስኩ በየፍሬሙ አዲስ ከተሣለ ጠርዙ አንድ ሁለት ፒክስል ወዲያና ወዲህ ይላል፤ እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው ሲታይ እንከን የለውም፣ በሴኮንድ 24 ፍሬም ሲያልፍ ግን መንጋጋው እንደሚፈላ ውሃ ይንተከተካል። መድኃኒቱ ማስኩን በየፍሬሙ መሣል ሳይሆን በጥቂት ቁልፍ ፍሬሞች ላይ ሥሎ በመካከላቸው ያለውን ለኮምፒዩተሩ መተው ነው።

ባለሙያው ሥራውን ከማስረከቡ በፊት አንድ ፈተና ያካሂዳል። የምስሉን ሳይሆን የማሳያውን ብሩህነት መጀመሪያ እጅግ ከፍ፣ ቀጥሎ እጅግ ዝቅ ያደርጋል። በመደበኛው ብሩህነት የማይታይ የ3 ወይም የ4 ልዩነት ጥላው ሲፈካ እንደ ዱካ ወጥቶ ይታያል። ብዙ የአገጭ ሥር ስፌት የሚያዘው በዚህ ነው፤ ምክንያቱም በጨለማ የተደበቀ ስህተት በሌላ ስክሪን ላይ፣ ብሩህነቱ ከፍ ባለ ቴሌቪዥን ላይ፣ ራሱን ያጋልጣል።

ስፌቱን የት እናድርገው?

ትልልቆቹን ፊልሞች ያየን እንደሆነ ብልሃቱ ስፌቱን በማለስለስ ብቻ ሳይሆን ቦታውን በመምረጥ ላይ መሆኑን እናያለን። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው «ዘ ኪዩሪየስ ኬዝ ኦፍ ቤንጃሚን በተን» ፊልም ብራድ ፒት ሽማግሌ ሆኖ ተወልዶ እያደር ወጣት የሚሆን ሰውን ይጫወታል። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ላይ የሚታየው አጭርና ጎባጣ አካል የሌሎች ተዋንያን ነው፤ ጭንቅላቱ ደግሞ ዲጂታል ዶሜን የተባለው ኩባንያ በኮምፒዩተር የሠራው ነው። ፊት ብቻ ሳይሆን ጭንቅላቱ በሙሉ ስለተተካ በአገጭ ላይ የሚያልፍ ስፌት አልነበረም። ድንበሩ ወደ አንገት ወረደ፤ አንገት ላይ ደግሞ ልብስ አለ። ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፤ ጸጉርና ጆሮን ጨምሮ ጭንቅላት በሙሉ መፈጠር ነበረበት።

ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው የዴቪድ ፊንቸር ሌላ ፊልም «ዘ ሶሻል ኔትወርክ» በሌላ መንገድ ሄደ። የዊንክልቮስ መንታ ወንድማማቾችን ሁለቱንም ፊት የሰጣቸው አርሚ ሀመር ነው፤ የአንደኛውን አካል የተጫወተው ግን ጆሽ ፔንስ ነበር። ሁለቱ ተዋንያን በቁመትም በአካል ግንባታም ይቀራረባሉ። የሀመር ፊት በኋላ በፔንስ አካል ላይ ተቀመጠ። ይህ ዓይነቱ ምርጫ የአገጭን ችግር ከኮምፒዩተሩ ፊት አንስቶ ወደ ተዋንያን ምልመላ ያመጣዋል። የመንጋጋ ስፋታቸውና የአንገት ውፍረታቸው የተቀራረበ ሁለት ሰዎችን ማግኘት ከሳምንታት የማስክ ሥራ ያሳርፋል። በተለይ ተተኪው ከተዋናዩ ጠበብ ያለ መንጋጋ ቢኖረው ይመረጣል፤ ትልቅ ፊት ትንሹን ይሸፍናል፣ ትንሽ ፊት ግን ትልቁን አይሸፍንም።

የተደበቀው ስፌት ለማን ይታያል?

ፊትን መተካት ዛሬ የፊልም ኩባንያዎች ብቻ ሥራ አይደለም። ፊት የሚቀይሩ ሶፍትዌሮች በማንም ኮምፒዩተር ላይ ይሠራሉ፤ ብዙዎቹም ፊቱን ካዘጋጁ በኋላ ያንኑ ማጥበብና ማደብዘዝ ይጠቀማሉ። ስለዚህ ከፊት ለፊቱ ያለው ቪዲዮ እውነተኛ ነው ወይስ አይደለም ብሎ የሚጠይቅ ሰው የአገጩን ድንበር ማወቁ ይጠቅመዋል። ቪዲዮውን አቁሞ፣ ሰውየው ጭንቅላቱን ወደ ጎን ባዞረበትና አፉን በሰፊው በከፈተበት ፍሬም ላይ ከጆሮ ሥር እስከ አገጭ ያለውን መስመር ማየት ነው። ልሙጥ ቀበቶ፣ ከአንገት ጋር የማይሄድ ቀለም፣ የሚንተከተክ ዳርቻ፣ እጅ ፊቱን ሲሸፍን የሚጠፋ ጣት፤ እነዚህ የማስክ ምልክቶች ናቸው። አለመታየታቸው ግን የእውነተኛነት ማረጋገጫ አይደለም፤ በማኅበራዊ ሚዲያ የተላለፈ ቪዲዮ ተጨምቆ ስለሚደርሰን ግሬይኑም ስፌቱም አብረው ይጠፋሉ።

ዓይን ያላየውን ኮምፒዩተር ሊያየው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የማይክሮሶፍት የእስያ ምርምር ማዕከልና የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «ፌስ ኤክስሬይ» የተባለ ዘዴ አሳትመዋል። ዘዴው ፊቱ የማን እንደሆነ ወይም በምን ሶፍትዌር እንደተሠራ አይጠይቅም፤ የሚፈልገው ሁለት ምስሎች የተቀላቀሉበትን ድንበር ብቻ ነው። ሐሳባቸው በአንድ አጭር ስሌት ይገለጻል፤ M ማስኩ ነው፦

```
B = 4·M·(1 − M)
```

ማስኩ 1 በሆነበት፣ ማለትም ንጹሕ አዲስ ፊት ባለበት ቦታ ውጤቱ 0 ነው። ማስኩ 0 በሆነበት ቦታም 0 ነው። ማስኩ 0.5 በሆነበት፣ ማለትም በፌዘሩ እምብርት ላይ ውጤቱ 1 ይሆናል። በዚህ ስሌት የተሣለ ምስል ላይ ፊቱ ሁሉ ይጠፋና በመንጋጋና በግንባር ዙሪያ የሚዞር ብሩህ ቀለበት ብቻ ይቀራል። ያልተነካ ፎቶ ደግሞ ቀለበት የለውም፤ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ነው። ኮምፒዩተሩ የሚሠለጥነው ማስኩን ራሱን ሳያይ፣ በሁለቱ ወገን ካለው የግሬይንና የካሜራ አሻራ ልዩነት ተነስቶ ይህን ቀለበት እንዲገምት ነው።

ነገሩን ልብ ብሎ ላየው፣ ስፌቱን ከሰው ዓይን ለመሰወር የተሠራው ፌዘር ራሱ የሚፈለገው ማስረጃ ሆኗል። ፌዘሩ ሲሰፋ ቀለበቱም ይሰፋል እንጂ አይጠፋም። ዘዴው ግን ገደብ አለው። መቀላቀል የሌለበት ሐሰት፣ ማለትም ከጸጉር እስከ ዳራ ድረስ በሙሉ በኮምፒዩተር የተፈጠረ ምስል፣ የሚገኝ ድንበር የለውም። በጣም የተጨመቀና ጥራቱ የወረደ ቪዲዮም የግሬይኑን አሻራ ስለሚያጠፋ ዘዴውን ያዳክመዋል።

በፊልም ሥራ ውስጥ ስፌትን መደበቅ ሕጋዊና የታወቀ ሙያ የሆነው ፊቱን የሰጠውም አካሉን የሰጠውም ስለሚያውቁትና ስለሚስማሙበት ነው። የአሜሪካ የተዋንያን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ካካሄደው የሥራ ማቆም አድማ በኋላ ከስቱዲዮዎች ጋር በተፈራረመው ውል ላይ የተዋናይ ዲጂታል ቅጂ ሲሠራ ፈቃድና ክፍያ እንዲኖር የሚያስገድድ አንቀጽ ገብቷል። ኮምፖዚተሩ ማስኩን ከማጥበቡና ከማደብዘዙ በፊት ቀለሙንና ቅርጹን እንደሚያስተካክለው ሁሉ፣ ፈቃዱም ከሁሉ በፊት የሚስተካከል ነው።